ለረጅም ቪዲዮ የሚጻፈውና ለሾርትስ የሚጻፈው

«ረጃጅም የጥገና ቪዲዮዎችን ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ፤ ከነሱም ቆርጬ ሾርትስ እሠራለሁ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ርዕስ፣ መግለጫና ታግ ብጠቀም ችግር አለው? ሾርትሱን በታግ ብሞላውም ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

ችግር አለው፤ እኔም ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት። አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምጠግንበት ሱቅ አለኝ፤ በቻናሌ የምሠራውም ስለዚሁ ስለ ሥራዬ ነው።

1. ረጅሙን ቪዲዮ የሚያገኘው ሰው ችግሩን ጽፎ የሚፈልግ ነው። ሊጥ አቡክታ ምጣዱ አልግል ያላት ሴት «የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል አለ» ብላ ትጽፋለች እንጂ ሌላ ነገር አትጽፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቪዲዮዬ ርዕስ «የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ሲል እንዴት ይጠገናል» የሚል ነበር፤ ያለ ምንም ማስታወቂያ በየቀኑ ሰው ያመጣልኝ ነበር። በዩቲዩብ ስቱዲዮ የአናሊቲክስ ክፍል የተመልካቹን መምጫ ስመለከት አብዛኛው `YouTube search` ከሚለው መስመር ይመጣ ነበር።

ስሕተቱ የተፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። ቻናል እናሳድጋለን የሚል አንድ ቢሮ ሄጄ ከፈልኩ። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ርዕሱን «ምጣዳችሁን ከመጣላችሁ በፊት ይህን እዩ!» ብሎ ቀየረው፤ ምክንያቱን ብጠይቀው «እርስዎ ምጣድዎን ይጠግኑ፣ ይህን ለእኛ ይተዉ» አለኝ። በመግለጫው ግርጌም ከቪዲዮው ጋር የማይገናኙ ቃላትን ደርድሮ ሞላበት፤ እንዲህ ያለው የታግ ክምር የዩቲዩብን ደንብ የሚጥስ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የፍለጋው መስመር ከሳምንት ወደ ሳምንት እያሽቆለቆለ ሄደ፤ ምክንያቱም በአዲሱ ርዕስ ውስጥ «አልግል» የሚለውም ሆነ «የኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል አልነበረም። ያ ርዕስ ለሚያልፍ ሰው የሚጮህ ነው፤ ችግሩን ጽፎ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚመልሰው ነገር የለም። የቀድሞውን ርዕስ ስመልሰው ቁጥሩ ቀስ በቀስ አገገመ፤ ገንዘቤን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

የረጅሙ ቪዲዮ መግለጫ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ችግሩን ሰው በሚጠራበት ስም ይጥራ። ከዚያ ምዕራፎቹ ይከተሉ፤ የመጀመሪያው ሰዓት የግድ `00:00` መሆን አለበት፣ ከሦስት ማነስ የለባቸውም፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 10 ሰከንድ ይርዘም። የእኔ እንዲህ ይላል፦

```
00:00 ምጣዱ ለምን አይግልም
01:20 የሽቦውን መበጠስ በቴስተር ማወቅ
04:05 የተቃጠለውን መገናኛ መቀየር
```

ታግን በተመለከተ ዩቲዩብ ራሱ ድርሻው ትንሽ እንደሆነና በተለይ የሚጠቅመው ሰው ቃሉን አሳስቶ በሚጽፍበት ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ለእኛ ቋንቋ በጣም ይሠራል፤ አንዱ «ኤሌክትሪክ»፣ ሌላው «ኤሌትሪክ»፣ ሦስተኛው ደግሞ በላቲን ፊደል `mitad` ወይም `mtad` ብሎ ይጽፋል። እኔ የታግ ሳጥኑን የማውለው ለእነዚህ አጻጻፎች ብቻ ነው።

2. ሾርትስን ግን አብዛኛው ሰው ፈልጎ አያገኘውም፤ ጣቱን እየገፋ ሲሄድ ቪዲዮው ራሱ ይመጣበታል። ርዕሱን ሳያነብ መጫወት ይጀምራል፤ ርዕሱም ከታች በትንሽ ጽሑፍ ይታያል፣ ከረዘመም ይቆረጣል። እኔ የረጅሙን ርዕስ፣ መግለጫና ታግ እንዳለ ገልብጬ ለጥፌ ነበር፤ የሾርትሱ መጀመሪያ ላይም የሱቄ ስምና ሰላምታ ነበረበት። የስቱዲዮው ሪፖርት ስንቱ ቆሞ እንዳየና ስንቱ ገፍቶ እንዳለፈ ስለሚያሳይ፣ አብዛኛው በሰላምታው ላይ እንደሚያልፍ ገባኝ። ቪዲዮውን እንደገና ቆርጬ ከተቃጠለው የሽቦ መገናኛ ጥቁር ጫፍ ጀመርኩት፤ ምስሉም ላይ «ምጣድዎ የማይግለው በዚህ ነው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የርዕሱን ሥራ የሚሠራው ይህ የመጀመሪያ ምስል ነው። ታጉን በሙሉ አውጥቼዋለሁ፤ አንድ ሃሽታግ ያለበት አጭር ርዕስ ብቻ ቀርቷል፤ ሾርትስም አልፎ አልፎ በፍለጋ ስለሚገኝ «ምጣድ» የሚለውን ቃል ግን አልተውኩም።

በሾርትስ መግለጫ ውስጥ የረጅሙን ቪዲዮ ሊንክ ለጥፈው ከሆነ ማንም አይነካውም፤ ከነሐሴ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በሾርትስ መግለጫና አስተያየት ውስጥ ያለ ሊንክ አይከፍትም። ይልቁንም በስቱዲዮ የሾርትሱን ዝርዝር ከፍተው `Related video` በሚለው ቦታ ረጅሙን ይምረጡ። እኔ ካደረግሁት በኋላ የሾርትሱ ተመልካች ወደ ረጅሙ ቪዲዮ ሲያልፍ በሪፖርቱ ላይ ማየት ጀምሬአለሁ፤ ከዚያ ቢሮ ተመልሼ ሄጄ ባላውቅም።