ስለ ኦቲዝም ለተማሪዎቻችሁ ስትነግሩ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። ሦስተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሊገባላት ነው። «ለልጆቹ በአምስት ደቂቃ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

አብራኝ የምታስተምር አንዲት ደግ ሴት ነበረች። ክፍሏ ውስጥ ደወል ሲደወል ጆሮውን ደፍኖ ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ ነበር። ልጆቹ ሲስቁበት «አሞት ነው፤ እዘኑለት» አለቻቸው። ከልቧ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን «አሞታል» ሲባል የሚያውቀው ጉንፋንና ኩፍኝ ነው። በማግስቱ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ደብተሩን ሰብስቦ የዴስኩ ጫፍ ላይ ተለጠፈ። አንዷ ደግሞ እሱ የነካውን እርሳሷን በቀሚሷ ስትጠርግ አየሁ። ሳቁ ቆመ፤ አብሮ መጫወቱም ቆመ። ዓመቱ ሳያልቅ እናቱ አስወጣችው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ይህ የሆነው ከዚያ በፊት ነው። የት ትውሰደው?

ለመምህርቷ ይህን በይ አልኳት። «ኦቲዝም በሽታ አይደለም፤ አይተላለፍም። አብሮት የተወለደ ነው፤ በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም። አእምሮው ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ንግግርን የሚቀበልበት መንገድ ከብዙዎቻችን ይለያል። ደወሉ ጆሮውን ያመዋል። እጁን የሚያርገበግበው ራሱን ሲያረጋጋ ወይም ደስ ሲለው ነው። ስታናግሩት ቶሎ ካልመለሰ ጠብቁት። ሳትጠይቁ አትያዙት። ለጨዋታ ጥሩት፤ እምቢ ካለ ሌላ ቀን ደግማችሁ ጥሩት።»

ደወሉንና እጁን ያነሳሁት መምህርቷ የዚህኛውን ልጅ እናት ጠይቃ ስለነገረችኝ ነው። ሌላው ልጅ ድምፅ አይረብሸው ይሆናል፤ መታቀፍ የሚወድም አለ። እናቱ ካልፈቀደች ደግሞ ስሙም ኦቲዝም የሚለውም አይነሳም፤ ሁላችንንም ስለሚረብሹን ነገሮች ብቻ ይወራል። ልጁም ነገሩን የሚረዳ ከሆነ ይጠየቅ፤ ሲነገር ክፍል ውስጥ መሆን የማይፈልግ አለ።

የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ቶሎ ስልክ አውጥታችሁ በሒሳብ ጉድ የሚያሰኝ ልጅ ቪዲዮ ታሳያላችሁ። ተዉት። ኦቲዝም ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች እንደዚያ አይደሉም። ነገ እረፍት ላይ ከበው «ይሄ በዚህ ሲባዛ ስንት ነው?» እያሉ ያፋጥጡታል።

አምስት ደቂቃ ይበቃል ብያታለሁ፤ ለጥያቄው ግን አይበቃም። «ይድናል?» ይላሉ። እያደገ ብዙ ነገር ይማራል፤ ኦቲዝሙ ግን አብሮት ይኖራል በሏቸው። «ካልተናገረ አይሰማም ማለት ነው?» ይላሉ። ይሰማል፤ ስለዚህ አጠገቡ ቆማችሁ ስለ እሱ አታውሩ በሏቸው።

ከዚያ እረፍት ላይ ወጥታችሁ እዩ። እንደ ሕፃን እጁን ይዘው የሚያዞሩት ከሆነ፣ አሁንም እያዘኑለት ነውና እንደገና አነጋግሯቸው። «ተራው የኔ ነው» ብለው ኳስ ላይ ከተጨቃጨቁት ገብቷቸዋል።