ስለ «ጤዛ» ፊልም የተደበላለቀ አስተያየት መጻፍ

«ጤዛን ሰሞኑን አየሁት። ግማሹን በጣም ወደድኩት፣ ግማሹ ግን አደከመኝ። ያላዩትን ሳልበድል፣ አዋቂ ነኝ ባይም ሳልመስል አስተያየቴን እንዴት ልጻፍ?»

1. የማይነገረውን አስቀድመው ይለዩ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር፣ ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጣና አካባቢ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ተመልሶ እናገኘዋለን። አንድ እግሩን አጥቷል፤ ሌሊት ይቃዣል፤ የደረሰበትንም አጥርቶ አያስታውስም። ይህን ቢጽፉት ማንንም አይጎዱም፤ ታሪኩ የሚነሣው ከዚህ ነውና። እግሩን የትና እንዴት እንዳጣ ግን ፊልሙ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ አቆይቶ፣ በፈለገው ሰዓት የሚመልሰው ጥያቄ ስለሆነ እርስዎ ቀድመው ሊመልሱት አይገባም። በመንደሩ ያሉ ልጆች ከወታደር አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ እንደሚደበቁ መናገር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ለተመልካቹ ይተዉለት።

ብዙ ሰው ታሪክ የሚበላሸው መጨረሻው ሲነገር ብቻ ይመስለዋል። እኔ ፊልሙን ከማየቴ በፊት፣ የፊልም ወዳጆች በሚሰባሰቡበት አንድ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው «ምንም አልነግራችሁም፤ ብቻ እገሌን በደንብ አስተውሉት» ብሎ ጽፎ ነበር። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነሣ፣ ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ ያ ገጸ ባሕርይ ብቅ ባለ ቁጥር እንደ መርማሪ ፖሊስ ስከታተለው አመሸሁ፤ ሌላው ሁሉ አመለጠኝ። አስተያየቱ እንዲነሣ ብጠይቅ የቡድኑ ኃላፊ «የተነገረው ስም እንጂ ታሪክ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስለዚህ «መጨረሻው ያስደነግጣል»፣ «የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ጠብቁ» የመሳሰሉትንም እንደ ምስጢር ቆጥረው ይተዉአቸው።

2. ስለ ራስዎ ይጻፉ እንጂ በሌላው ተመልካች ላይ አይፍረዱ። ንቀት የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፊልሙ የተባለው ሳይሆን ስለ ሰው የተባለው ነው። «ይህ ለተራ ተመልካች አይሆንም» የሚለው ያደነቀ መስሎ ይሳደባል፤ «የወደዱት ሁሉ ለማስመሰል ነው» የሚለውም በሌላ በኩል ያንኑ ያደርጋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ማግኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሽልማት የሚጀምር አስተያየት «እናንተ ማን ናችሁና» ያለ ስለሚመስል፣ እኔ ከነጭራሹ አላነሣሁትም።

3. ድካምዎን የት እንደ ጀመረ ያመልክቱ። «አሰልቺ ነው» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም፤ የድካሙ ምክንያት ሲታወቅ ግን፣ አንዱ «ይህ እኔንም ያደክመኛል» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «እንዲያውም የምወደው እንዲህ ያለውን ነው» ብሎ ሊያየው ይነሣል። የእኔን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«የመንደሩ ክፍል እጅግ ደስ አሰኝቶኛል፤ በተለይ እናቲቱ የተመለሰ ልጇን የምታይበት ዓይን ከማንኛውም ንግግር በላይ ነገረኝ። ፊልሙ ከሕልም ወደ ትዝታ፣ ከትዝታም ወደ አሁን ሳያስታውቅ ስለሚሻገር ግን፣ የማየው የትኛው እንደሆነ መለየት እየተሳነኝ ደክሞኛል። የሰውየው ትዝታ የተሰባበረ ስለሆነ አቀራረቡም እንዲያ መሆኑ ይገባኛል፤ መግባቱ ግን ድካሜን አልቀነሰልኝም። በአንድ ቁጭታ፣ ስልክ ዘግቶ ለሚያይ ሰው እመክረዋለሁ።»

ከሁሉም የምኮራው ከመጨረሻው በፊት ባለችው ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ እንደገባዎ ቀድመው ካልተናገሩ «አልገባህም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ገብቶኛል ብቻ ብለው ቢያቆሙ ደግሞ ያላደነቁትን ያደነቁ ይመስላሉ። ቅደም ተከተሉንም ልብ ይበሉ፤ አንባቢ እንደ ፍርድ የሚወስደው በመጨረሻ ያነበበውን ነው። ምስጋናውን አስቀድመው በወቀሳ ቢዘጉት ፊልሙን እንደጣሉት ይቆጠራል። እኔ ለማን እንደሚስማማ ተናግሬ ስለዘጋሁት፣ ፊልሙን ያላየ አንድ አባል በዚያው ሳምንት አይቶት «እኔን ያስደሰተኝ አንተን ያደከመህ ነው» ብሎ ጻፈልኝ፤ ስድብ አልነበረበትም።

4. ቁጥሩን ጀመርኩት እንጂ ከዚህ በኋላ ያለው ምክር ሳይሆን የደረሰብኝ ነው። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄም አንድ ሰው «አልገባህም» ማለቱ አልቀረም። ምስጢር በብዛት የሚወጣው እንዲህ ባለው ክርክር ውስጥ ነው፤ እንደገባው ለማስረዳት የሚቸኩል ሰው መጨረሻውን በማስረጃነት ያመጣዋል። እኔም ጣቴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን በአደባባይ «አመሰግናለሁ» ብዬ፣ በውስጥ መስመር «የትኛውን ክፍል ማለትዎ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።