ደሴ የተላከ ጥቅል «Departed» ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ «ከአሜሪካ ደሴ ላለችው እናቴ በፖስታ ጥቅል ልኬ ነበር። ትራኪንጉ ኒውዮርክ ላይ «Departed» ብሎ ከቆመ ሁለት ሳምንት አለፈው። ሌሊት እየተነሳሁ ሁሉ አየዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። እናቴም ደውላ ደውላ ተጨነቀች። ጠፋ ማለት ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ብቻ ጠፋ አይባልም። ጥቅልህ ኒውዮርክ ሲደርስ ባርኮዱ ተነቦ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ከረጢት ውስጥ ገብቷል፤ ከረጢቱም ታሽጓል። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የሚነበበው የከረጢቱ መለያ ነው፤ ያንተ ቁጥር እንደገና የሚነበበው አዲስ አበባ ላይ ከረጢቱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ «Departed» ስላለ አውሮፕላኑ ያኔውኑ ተነስቷል ማለት አይደለም። የታሸገው ከረጢት የጭነት ቦታ ሊጠብቅ፣ በሌላ አገር በኩልም ሊዞር ይችላል፤ ያንን ሁሉ ስክሪንህ አያሳይህም። በቀን አንዴ ማየት ይበቃሃል፤ ሌሊቱን ተኛበት።

ያንኑ ቁጥር በኢትዮጵያ ፖስታ ድረ ገጽ ላይም ሞክረው፤ የአዲስ አበባው ንባብ እዚያ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ቁጥሩ 13 ምልክት ነው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ US። ከዘጠኙ የመጨረሻዋ አኃዝ ከቀሪዎቹ ስምንት የምትሰላ ማረጋገጫ ናት። በስልክ ለወንድምህ ስታነብለት አንዷን ከሳትክ ሲስተሙ ቁጥሩን አይቀበልም፣ እናንተ ደግሞ ዕቃው የሌለ ይመስላችኋል።

አሁን ካለው ዝምታ ይልቅ ልብ ማለት ያለብህ «Inbound Into Customs» የሚለው መስመር ሲመጣ ነው። እዚያ ላይ ብዙ ቀን ከቆመ መጠበቅ አያዋጣም፤ አንድ ሰው ስልክ መደወል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው አንተ የሞላኸው የጉምሩክ ቅጽ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሹራብ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያና ቫይታሚን አለ እንበል። ቅጹ ላይ «Gift, 50 USD» ብቻ ከተጻፈ መርማሪው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ይከፍተዋል፤ ዋጋውንም በራሱ ግምት ይተምናል። ሹራብ 1፣ ጫማ 1 ጥንድ፣ የደም ግፊት መለኪያ 1፣ ቫይታሚን 1 ብልቃጥ ተብሎ እያንዳንዱ ከነዋጋው ቢጻፍ ግን የሚያከራክረው ነገር ይቀንሳል። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንንም ስለሚመለከት፣ እነሱ ባሉበት ጥቅል ውስጥ ሹራቡም ጫማውም አብሮ ይቆማል። ወደፊት ለየብቻ ብትልክ ይሻልሃል። የገዛህበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ አሁኑኑ ለቤተሰብ ላክ፤ ሲጠየቁ በእጃቸው ይሁን።

ሌላው የስምና የስልክ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ፖስታ በብዛት የሚደርሰው በሳጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም። «ፒያሳ» ወይም «ሰኞ ገበያ» ብለህ የጻፍከው እናትህን አያገኛትም፤ የሚያገኛት በ+251 የሚጀምረው ስልኳ ነው። ካርቶኑ ላይ ስልኩን ካልጻፍክ፣ ቤተሰብ ደሴ ፖስታ ቤት ሄዶ ቁጥሩንና ስልኩን ቢያስመዘግብ ጥሩ ነው። ስሟም መታወቂያዋ ላይ እንዳለው እስከ አያት መሆን አለበት። መታወቂያው «ዘይነባ» እያለ ሰፈሩ በሚጠራት የቁልምጫ ስም የተላከ ዕቃ መስኮቱ ላይ ያጨቃጭቃል። እሷ መሄድ ካልቻለች፣ ለሚሄደው ልጅ ምን ዓይነት የውክልና ወረቀት እንደሚቀበሉና የማን የማን መታወቂያ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ከምልልስ ያድናል።

ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ በየከተማው አዲስ መስመር አትጠብቅ፤ ደሴ ገብቶም አሜሪካኑ ገጽ ላይ ላይታይ ይችላል። ያኔ ከትራኪንጉ ይልቅ ደሴ ቅርንጫፍ በአካል ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይሻልሃል። ይህን ቶሎ አድርጉት፤ ዕቃ መጥቶ ተቀባይ ካልቀረበ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ስትልክ ቅጹ ላይ «Return to sender» ወይም «Treat as abandoned» የሚል ምርጫ ነበር፤ የቱን እንደመረጥክ ቅጂህን አውጥተህ እይ። የመጀመሪያው ከሆነ ወደ አንተ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ከሆነ ግን እንደተተወ ዕቃ ይቆጠራል።

ሳምንታት አልፈው የአዲስ አበባው ንባብ ጭራሽ ካልመጣ ፍለጋ የምታስከፍተው አንተ ነህ፤ ጥያቄው መጀመር ያለበት ከላኪው አገር ፖስታ ቤት ነው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብ ለጥቅል የማመልከቻው ጊዜ ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ነው፤ የአንዳንድ አገልግሎቶች ግን ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል ያንተን መስኮቱ ላይ ጠይቅ። የመላኪያ ደረሰኝህን፣ የጉምሩክ ቅጹን ቅጂና የዕቃዎቹን ደረሰኝ ይዘህ ቅረብ።