ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ የደመወዝ መጠን እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?

«ለሽያጭ ባለሙያ በወር ከ20,000 እስከ 45,000 ይላል። ልመነው?»

ጣሪያው ከመነሻው ከእጥፍ በላይ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። ብዙ ጊዜ ሁለት የሥራ ደረጃ በአንድ ማስታወቂያ ተጠቃሏል፣ ወይም ኮሚሽን ተደምሮበታል።

በዚያው ከተማ ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ቢያንስ ከ11 ቦታ ሰብስብ፤ ካለፈው አንድ ዓመት ወዲህ ያለውን ብቻ። የሥራ መጠሪያውን ሳይሆን ዝርዝሩንና የተጠየቀውን የልምድ ዓመት አመሳስል፤ «ሲኒየር» የሚለው ቃል በየድርጅቱ ይለያያል። ሁሉንም ኮሚሽን ሳይጨመርና ግብር ሳይቆረጥ ወዳለው መነሻ ደመወዝ ቀይር። አንዱ የተጣራ፣ ሌላው ያልተጣራ ከሆነ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ከዚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር። የሰበሰብከው 11 ቁጥር ሆኖ 3ኛው 24,000፣ 6ኛው 27,000፣ 9ኛው 31,000 ሆነ እንበል። መካከለኛው 27,000 ነው፤ አማካይ አትውሰድ፣ አንድ የተጋነነ ቁጥር ወደ ላይ ይጎትተዋል። የሚያቀርቡልህ ምናልባት ከ24,000 እስከ 31,000 ባለው ውስጥ ይሆናል፤ 45,000ው ግን በመነሻ ደመወዝ ብቻ የሚደረስበት አይመስልም።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ይህን ጠይቅ፦ «45,000 ኮሚሽን ይጨምራል? ባለፈው ዓመት ከሠራተኞቻችሁ ስንቶቹ አገኙት?» በቁጥር ካልመለሱ ስሌትህን በታችኛው ጫፍ ላይ መሥርት።