ከላይ እስከ ታች የደፈረሰ የታዮግላይኮሌት ቱቦ እንዴት ይነበባል?

«ድሬዳዋ በላቦራቶሪ ልምምድ ላይ ነኝ። የዘራሁት ባክቴሪያ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አደፈረሰው፤ ላይኛው ግን ይወፍራል። ታችም ስላደገ ኦብሊጌት አናኤሮብ ልበለው?»

አትበዪው እህቴ፤ የገለጽሽው ኦክስጅን ቢኖርም ባይኖርም የሚያድገው የፋካልቴቲቭ አናኤሮብ መልክ ነው። ታዮግላይኮሌት ኦክስጅንን ስለሚያስወግድና ጥቂቱ አጋር የአየሩን ስርገት ስለሚያዘገይ፣ ኦክስጅን የሚቀረው ከላይ ባለው ሮዝ ቀለበት ብቻ ነው። ሮዝ የሚያደርገው ሬዛዙሪን የተባለው ቀለም ነው። ፋካልቴቲቭ ባክቴሪያ እዚያ በኦክስጅን ተንፍሶ ብዙ ኃይል ስለሚያገኝ ይወፍራል፤ ታች ያለ ኦክስጅን በፍላት ስለሚኖር ይሳሳል። ኦብሊጌት አናኤሮብ ቢሆን ኖሮ ኦክስጅን ስለሚጎዳው ላይኛው ክፍል ጥርት ብሎ ይቀር ነበር።

ኦብሊጌት ኤሮብ ከላይ ብቻ ያድጋል። ማይክሮኤሮፋይል ደግሞ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀጭን መስመር ይሠራል፤ ጥቂት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ሲበዛ ግን ይጎዳዋል። ይህ መስመር በቀላሉ ስለሚጠፋ ቱቦውን ሳታነቃንቂ፣ በብርሃን ፊት ካልተዘራበት ቱቦ ጋር አስተያዪው። ከሐረር በመኪና ሲናጥ የመጣ ቱቦ ንባቡ አይታመንም።

ከመዝራትሽ በፊት ሮዙ ከቱቦው ሲሶ በላይ ወርዶ ከነበረ ውጤቱን አትቀበዪ። እንዲህ ያለው ቱቦ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ሮዙ እስኪጠፋ በፈላ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ቶሎ ቀዝቅዞ ይዘራበታል። ይህ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ ከቱቦው ወስደሽ በሁለት ሳህን ዝሪ፤ አንዱን በአየር፣ ሌላውን በአናኤሮብ ማሰሮ አቆዪ። በሁለቱም ካደገ ኦብሊጌት አናኤሮብ አይደለም።