ሰንስክሪን ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ፦ ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ

ፋርማሲስቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ዛሬ ማታ ስለ ሰንስክሪን የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምርት ስም ግን አልጠራም። ካርቶኑን ማንበብ ከቻላችሁ ስም አያስፈልጋችሁም።

የሲኤምሲ ልጅ፦ ኤስፒኤፍ 30 ልግዛ ወይስ 50? ዋጋቸው በጣም ይለያያል።

በደንብ ከተቀባሽው 30 ይበቃሻል። ቁጥሩ የሚለካው ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር፣ ዩቪቢን ነው። 30 ከመቶ 3 ያህሉን ያሳልፋል፣ 50 ደግሞ 2 ያህሉን። ልዩነቱ ይህችው ናት። ላቦራቶሪ ሲለኩት ግን ወፈር አድርገው ቀብተው ነው። እኛ ነካ ነካ አድርገን ከቤት እንወጣለን፣ ያኔ 50ውም 50 አይሆንም። ለፊትና ለአንገት ልኩ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ክሬም ነው።

ለእኛ ቆዳ ከቁጥሩ በላይ ማየት ያለብሽ ሌላውን ጨረር፣ ዩቪኤን መከላከሉን ነው፤ የሚያጠቁረን እሱ ነውና። የአውሮፓ ዕቃ ከሆነ ዩቪኤ የሚሉት ፊደላት ክብ ውስጥ ተጽፈዋል። የጃፓንና የኮሪያው ፒኤ ብሎ የመደመር ምልክት ይደረድራል፤ አራት ከሆኑ ከፍተኛው ነው። የአሜሪካው ብሮድ ስፔክትረም ይላል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለበት መልሰሽ አስቀምጪው።

ጥያቄ አለኝ፦ ለጥቁር ቆዳ የቱ ይሻላል?

እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለኝም። ፊትሽ ወዛም ነው ደረቅ? ማዲያት አለሽ? ቀኑን ሙሉ ውጭ ነሽ ወይስ ቢሮ? ጻፊልኝና እመለስበታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሁለተኛዬን ከወለድኩ ጀምሮ ጉንጬ ላይ ማዲያት አለ። 50 በየቀኑ እቀባለሁ። ለምን አይለቅም?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ልክ እንዳንቺ ያለች ደንበኛ ቲዩቧን ይዛ መጣች። አገላብጬ አየሁት። ኤስፒኤፍ 50፣ ዩቪኤውም በክቡ ውስጥ አለ፣ ጊዜው አላለፈበትም። ስትቀባው እንድታሳየኝ ጠየቅኳት፣ ልኩንም አላጎደለችም። አራት ወር ተጠቅማው ማዲያቱ እንዳለ ነው።

ችግሩ ክሬሙ ውሃ የመሰለ ግልጽ መሆኑ ነበር። ማዲያትን የሚያባብሰው ጨረር ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃንም፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳን ያጠቁራል። ነጭ ቆዳ ላይ ይህ እምብዛም አይታይም። ግልጽ ክሬም ደግሞ ግልጽ የሆነው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ብርሃኑን የሚይዘው ቀለም ነው፤ ቀለሙም አይረን ኦክሳይድ ይባላል፣ ከዝገት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ካርቶኑ ላይ ስሙን ላታገኚው ትችያለሽ። ሲ እና አይ ከሚሉት ሁለት ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ፈልጊ፦ 77491 ቀዩ ነው፣ 77492 ቢጫው፣ 77499 ጥቁሩ። ሦስቱም ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ምን ያህል እንደተጨመረ ግን አይነግሩሽም። ቀለሞች ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በፈለጉት ተራ ስለሚጻፉ ከቦታቸው ተነስተሽ መገመትም አትችዪም። በዓይንሽ ለዪው፦ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ቀቢ። ቡናማ ሆኖ ካልታየ ቀለሙ ለስም ያህል ነው።

ያቺ ደንበኛ ቀለም ያለው 30 ወሰደች። ከሦስት ወር በኋላ ጉንጯ ፈካ ብሎ አየሁት። ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሰንስክሪን እንዳይብስ ያደርጋል፤ ለማጥፋት የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዱባይ፦ ቀለም ያለው ሲባል ያቀላል ማለት ነው? እዚህ ዋይትኒንግ የሚል ሰንስክሪን ሞልቷል።

አይደለም! ቀለም ያለው ማለት እንደ ፋውንዴሽን ቡናማ የሆነ ነው፣ ሲታጠቡት ይለቃል። ያቀላል የሚል ነገር ላይ ኤስፒኤፍ ስለተጻፈበት አትመኚው። ከሚያቀሉት ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ይዘቱ ያልተጻፈበትን አትግዙ።

ጡረተኛው መምህር፦ እኛ ጥቁሮች ተፈጥሮ ጠብቆናል። እናቶቻችን ቅቤ ነበር የሚቀቡት። ይህ ሁሉ የነጋዴ ወሬ ነው።

ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ቆዳ በራሱ ኤስፒኤፍ 13 አካባቢ መከላከያ እንዳለው ተለክቷል። ለዚህ ነው ቶሎ የማንቃጠለው። ግን ማዲያትና የብጉር ጠባሳ እንዳይጠቁር ያ አይበቃም። ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ፀሐይ አይመክትም።

የሲኤምሲ ልጅ፦ አያቴ እኮ ያለ ጥላ ከቤት አትወጣም ነበር። ቅቤ ብቻ አልነበረም።

ጡረተኛው መምህር፦ ጥላውን አልተቃወምኩም ልጄ። ቫይታሚን ዲውስ? ልጆቹ ቢሮ እየዋሉ ሁሉም አጥንቴን እያሉ ነው።

የሲኤምሲ ልጅ፦ ቢሮ የዋለ ሰው ቫይታሚን ዲ ያጣው በክሬም ነው?

ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ቫይታሚን ዲ የሚያሳስበው ሰው ደሙን ይመርመር። በካንሰር በኩልም ጥቁር ቆዳ ላይ ክሬሙ ምን ያህል እንደሚረዳ ገና ያልጠራ ነገር ስላለ በእሱ አላስፈራራም። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ግን ጥያቄ የለውም፣ በየቀኑ የግድ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔ ግራ ፊቴ ብቻ ነው የጠቆረው። መስኮቱን ዘግቼ ነው የምነዳው።

የጎን መስታወት ዩቪቢን ይይዛል፣ ዩቪኤን ግን በብዛት ያሳልፋል። ብርሃኑም ይገባል። አንተም ቀለም ያለውን ተቀባ፣ የሴት ነው አትበል።

ወዛም ፊት፦ የሞከርኩት ሁሉ አመድ ያስመስለኛል። ከወዙ ጋር ደግሞ ያንሸራትታል።

አመድ የሚያስመስለው በአብዛኛው ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ለወዙ ማት ወይም ጄል የሚለውን ፈልጊ። ግን ካርቶኑ የቆዳሽን መልክ አያውቅም፣ ሞክረሽ ግዢ። እጅሽ ጀርባ ላይ አይደለም፤ የእጅና የፊት መልክ አንድ አይደለም። መንጋጋሽ ላይ ወፈር አድርገሽ ቀቢ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ከሱቁ ወጥተሽ በቀን ብርሃን በመስታወት እዪ። የሱቅ መብራት ይዋሻል። ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ነገር ካየሽ አይሆንሽም። ፀጉርሽ ሥርና ቅንድብሽ ውስጥ ነጭ ተሰብስቦ እንደሆነም እዪ።

ቀይ ዳማ አይደለሁም፦ ቀለም ያለው ሁሉ ለእኔ ይነጣል ወይ ብርቱካን ይሆናል። በጣም ጥቁር ነኝ።

ትክክል ነሽ፣ ይህ ያናድደኛል። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት መልክ ብቻ ያወጣሉ፣ ጥቁሩ ሁሌ ይረሳል። መላው ይህ ነው፦ ግልጹን ሰንስክሪን በሙሉ ልኩ ተቀቢ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ከላይ በመልክሽ የተሠራ ፋውንዴሽን ደርቢ። እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ፋውንዴሽኑ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ፋውንዴሽኑ ላይ የተጻፈውን ኤስፒኤፍ ግን አትቁጠሪው፤ ያን ያህል ወፍራም የሚቀባ የለም።

ጥያቄ አለኝ፦ ወዛም ነኝ፣ ማዲያት የለኝም፣ ቢሮ ነኝ። እና 100 ቢሆንስ?

ስለ ቁጥሩ ከላይ መልሻለሁ፣ እባክሽ አንብቢው። ለአንቺ ግልጽ ጄል፣ 30፣ ዩቪኤ ያለበት። መንጋጋሽ ላይ ሞክሪ፣ እጅሽ ጀርባ ላይ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ነገ ልገዛ ነው። ሌላ የማየው አለ?

ሱቁ መስታወት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትውሰጂ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ስትከፍቺው ውሃና ዘይቱ ከተለያየ መልሺ። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ። ሶፍት ይዘሽ ሂጂ።