ማስታወቂያን በ70 ሆሄ፦ አጭር መልእክት መጻፍ ለምትጀምሩ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በጤና ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በውሃ አገልግሎት ተቀጥራችሁ «ይህን ማስታወቂያ በአጭር መልእክት ላኩልን» የተባለ ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ ማሳጠር ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ቦታ ለኩ። ብዙ ጀማሪ 160 ሆሄ አለኝ ብሎ ይነሳል። 160 ለላቲን ፊደል ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ሲሆን፣ ለላቲን ሆሄ 7 ቢት ስለሚበቃ 160 ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለአማርኛ የቀረልን 70 ነው። ሆሄ ስል ቁጥሩን፣ ነጥቡንና በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ጭምር ነው።

71ኛዋ ሆሄ ስትገባ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍያውም የሁለት ይሆናል። በዚያ ላይ ስልኩ ክፍሎቹን መልሶ እንዲያገጣጥም የሚረዳ መረጃ ከየክፍሉ 6 ባይት ስለሚወስድ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው 67 ሆሄ ብቻ ነው። ሁለት ክፍል 134 ነው እንጂ 140 አይደለም።

አሁን አንድ የተለመደ ማስታወቂያ እንውሰድ፦

«በወረዳችን ጤና ጣቢያ አስተባባሪነት ከጥቅምት 12 እስከ 16 ድረስ ዕድሜያቸው ከ9 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በሙሉ የኩፍኝ ክትባት በነፃ ስለሚሰጥ፣ ወላጆች ከዚህ በፊት የተከተቡ ቢሆኑም እንኳ ልጆቻችሁን በአቅራቢያችሁ ወደሚገኘው ጤና ኬላ በማምጣት እንድታስከትቡ እናሳስባለን።»

ይህ 180 ሆሄ ነው፤ ሦስት ክፍል ይሆናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «5 ዓመት ለ» ላይ ያበቃል። ክትባት የሚለው ቃል ገና አልመጣም። ጤና ኬላ የሚለው ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሎቹን አገጣጥሞ የማያሳይ ስልክ የያዘች እናት፣ ወይም አንዱ ክፍል የዘገየባት፣ ወሬው ስለምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ቃል ከመሰረዛችሁ በፊት፣ ወላጁ አንብቦ የሚያደርገውን ነገር የሚለውጠው የቱ እንደሆነ ለዩ። የትኛው ልጅ፣ ለምን፣ መቼ፣ የት። አራቱ ይቀራሉ። «በወረዳችን ጤና ጣቢያ አስተባባሪነት» ከነባዶ ቦታው 23 ሆሄ በልቶ የማንንም እርምጃ አይለውጥም፤ አለቃችሁ ቅር ቢላቸውም ይውጣ። «እንድታስከትቡ እናሳስባለን» 16 ሆሄ የሚፈጅ የደብዳቤ ወግ ነው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው፦ «ከዚህ በፊት የተከተቡ ቢሆኑም እንኳ» 22 ሆሄ ነው፤ «የተከተቡም» 6 ሆሄ ሆኖ ያንኑ ይላል። የ«ቢሆኑም እንኳ»ን ሥራ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ተሸከመችው። እንዲህ ያሉትን ቅጥያዎች ፈልጉ፤ ሐሳብ ሳይጎድል ቦታ የሚገኘው ከእነሱ ነው።

የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

«ከ9 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የኩፍኝ ክትባት ከጥቅምት 12-16 በጤና ኬላ በነፃ። የተከተቡም ይምጡ።»

68 ሆሄ። ዕድሜው የቀደመው ሆን ተብሎ ነው፤ ስልክ ሳይከፈት የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ስለሆነ፣ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው እዚያው ያውቃል። ማሰሪያ ግሱ «ይሰጣል» ጎድሏል፤ ሁሉም ስለሚረዳው ጉዳት የለውም። «የተከተቡም ይምጡ» ግን ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚሰርዘው ነው። ብትሰርዙት 12 ሆሄ ታተርፋላችሁ፤ የክትባት ካርድ ያላቸው ወላጆች ግን «የእኔ ልጅ ወስዷል» ብለው ቤት ይቀራሉ፤ ዘመቻው የሚፈልገው ደግሞ እነሱንም ነው። የቀበሌ ስም መጨመር የግድ ከሆነ መጀመሪያ የምሰርዘው «በነፃ» የሚለውን ነው። በመንግሥት ጤና ኬላ የሕፃናት ክትባት እንደማይከፈልበት አብዛኛው ወላጅ ያውቃል።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አለ። «ኩፍኝ ክት. ከ9ወ-5ዓ ጥቅ.12-16 ጤ/ኬ» ብሎ የሚጽፍ ታገኛላችሁ። 27 ሆሄ ነው። ምን ተገኘ? የ27ም የ68ም ክፍያ አንድ ነው። ከ70 በታች እስከሆናችሁ ድረስ የተረፈውን ቦታ ለግልጽነት መልሱት፤ «እስከ» ብላችሁ ጻፉ፣ ወርን በሙሉ ስሙ ጥሩ። ት/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ወ/ሮ ሰው የለመዳቸው አጽሕሮቶች ስለሆኑ ይሠራሉ፤ ጤ/ኬ ግን እናንተ የፈጠራችሁት ነው፤ ከጽሕፈት ቤታችሁ ውጭ አንባቢ የለውም። ሰዓት የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ «ጠዋት 2» በሉ እንጂ 8:00 አትበሉ፤ ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ቢሆንም ሰው የሚቆጥረው በራሱ ነው።

በላቲን ፊደል እንጻፈው የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። እውነቱን ለመናገር በቦታ ያዋጣል፦ ያው መልእክት ወደ 100 ሆሄ ገደማ ይሆንና ከ160ው ብዙ ይተርፋል። ነገር ግን «መጣ»ና «መታ» አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ አጻጻፍ አለው፣ ፊደል ብቻ የቆጠሩ እናቶችም ጨርሶ አያነቡትም። ለጓደኛ ይሁን፤ ለሕዝብ ማስታወቂያ አልመክረውም። በውጭ አገር ሆናችሁ ለማኅበረሰባችን በእንግሊዝኛ የምትልኩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ 150 ሆሄ ባለው የእንግሊዝኛ መልእክት ውስጥ «አማርኛ» የምትል አንዲት ቃል ብትገባ፣ ጠቅላላው በ2 ባይት ይቆጠርና ሦስት ክፍል ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሚያበላሸው አጻጻፍ ሳይሆን የትየባ ልማድ ነው። አራት ነጥብን «።» በአንድ ቁልፍ ከመምታት ይልቅ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ «፡፡» የሚመታ ሰው ብዙ ነው፤ ዓይን አይለየውም፣ ቆጣሪው ግን ሁለት ይላል። ከላይ ያለው መልእክት ሁለት አራት ነጥብ ስላለው በዚህ ብቻ 70 ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ሳታስቡት አንድ ባዶ ቦታ ከቀረ 71 ሆነ፣ ዋጋውም እጥፍ ሆነ። የመርፌ ስዕልም እንደ ሁለት ሆሄ ይቆጠራል፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ ካለ 68ቱ 71 ይሆናሉ። ጽሑፉን ኤክሴል ላይ አስቀምጣችሁ ከመላካችሁ በፊት ቁጠሩት፤ ስዕል ካለበት ግን አዲስ ኤክሴል አንድ ብሎ ሊቆጥረው ስለሚችል ስዕሉን ለብቻው ሁለት ብላችሁ ያዙ፦

```
=LEN(A2)
```

በባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በተለመደው ስልት፣ በUTF-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ቁጥሩ ከአጭር መልእክቱ ሂሳብ ጋር አይገጥምም።

70 በእውነት የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ የክትባቱ ቀን በየቀበሌው ሲለያይ። ያኔ ሁሉንም ቀበሌ ደርድሮ ባለ ሁለት ክፍል መልእክት ለሁሉም ከመላክ፣ የስልክ ዝርዝሩን በቀበሌ ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ የራሱን 70 ሆሄ ላኩ። ክፍያው ያነሰ ነው፣ አንባቢውም የማይመለከተውን አያነብም። ዝርዝሩ በቀበሌ ካልተለየ ግን 134ቱን ተጠቀሙ፤ ሰው በተሳሳተ ቀን ከሚመጣ ተጨማሪውን መክፈል ይሻላል። ብቻ የመጀመሪያዎቹ 67 ሆሄያት ለብቻቸው ቢነበቡ ትርጉም እንዲሰጡ፣ ቁርጡም ቃል መሃል እንዳያርፍ አስተካክሉ።

ከመላኩ በፊት መልእክቱን ወደ አንድ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ላኩት። የግዕዝ ፊደል የሌለው ስልክ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል፤ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ስልክ ከበዛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መንገሯን መተው አይቻልም። ከዚያ ዋናውን ማስታወቂያ ላላየ ሰው፣ ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስልኩን ሰጥታችሁ ጠይቁ፦ የ4 ዓመት ልጅ ይሄዳል? መቼ? የት? ባለፈው ዓመት ተከትቦ ከሆነስ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ከዘገየ «የተከተቡም ይምጡ» አልበቃም ማለት ነውና «በነፃ»ን አውጥታችሁ «ቀድሞ የተከተቡም ይምጡ» አድርጉት፤ 68 የነበረው ያው 68 ሆኖ ይቀራል።